ከደሴ እስከ ባቲ ለሚነዳ ሰው፦ የመነጽር ፍሬምና የሌንስ ሽፋን እንዴት ይመረጣል?

ከደሴ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ባቲ የሚመላለስ ሹፌር አንዱን መነጽር በአንድ ቀን ውስጥ በሁለት አየር ይጠቀምበታል። ጠዋት ጦሳ ሥር ጉምና ብርድ ይቀበለዋል፤ እኩለ ቀን ላይ ባቲ ሲደርስ ደግሞ ላቡ በአፍንጫው ላይ ይወርዳል፣ የመኪናው የፊት ሰሌዳም በእጅ የማይነካ ይሆናል። ለእንዲህ ያለ ሰው መነጽር የሚመረጠው በመልኩ ብቻ ቢሆን ብዙ አይቆይም። የምርጫውን ቅደም ተከተል አንድ የሚኒባስ ሹፌር ወደምሠራበት መነጽር ቤት ይዘውት በመጡት መነጽር ላይ ተመርኩዤ አስረዳለሁ።

ሹፌሩ ሦስት ቅሬታ ነበራቸው። መነጽሩ ቁልቁል ይንሸራተታል፤ አፍንጫቸው ላይ የሚያርፉት ሁለቱ ማረፊያዎች አረንጓዴ ሆነው ቆዳቸውን ያሳክካሉ፤ ሌንሱ ደግሞ አንድ የበጋ ወቅት ሳያልፍ ክረምት እንደ ሸሸው ጭቃ ተሰነጣጥቋል። «ይህን ስንጥቅ ፍቀህ ልታጠራልኝ ትችላለህ?» ብለው ጠየቁኝ። አይቻልም፤ የተሰነጠቀው ከሌንሱ ላይ የተለበጠው ስስ ሽፋን ስለሆነ የሚያዋጣው ሌንሱን መለወጥ ነው። ያን ጊዜ ከአፍንጫ ጀምረን አዲስ መነጽር መምረጥ ያዝን።

በቅድሚያ ልኩን ይያዙ

ወደ መነጽር ቤት ሲሄዱ ሁለት ነገር በእጅዎ ይኑር፦ በቅርቡ የተመረመሩበት የሐኪም ማዘዣና የሁለቱ ዓይኖች ብሌን መካከል ያለው ርቀት። ይህ ርቀት ብዙ ጊዜ በማዘዣው ላይ አይጻፍም፤ ስለዚህ «የብሌኔ ርቀት ስንት ሚሊ ሜትር ነው?» ብለው ይጠይቁና ያስጽፉ። የእኛ ሹፌር ሩቁን አጥርተው የማያዩ በመሆናቸው ለሁለቱም ዓይናቸው የታዘዘላቸው ሌንስ −4.00 ነበር፤ የብሌናቸው ርቀት ደግሞ 64 ሚሊ ሜትር ነው።

ከዚያ በፍሬሙ ዘንግ ውስጠኛ ገጽ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ። 56□17-140 የሚል ከሆነ 56 የአንዱ ሌንስ ወርድ፣ 17 በሁለቱ ሌንሶች መካከል ያለው የድልድዩ ስፋት፣ 140 ደግሞ የዘንጉ ርዝመት ነው፤ ሁሉም በሚሊ ሜትር ይለካሉ። ሹፌሩ የወደዱት ይህንኑ ፍሬም ነበር። «ትልቁ ነው ፊቴን የሚሞላልኝ» አሉ። እኔ ግን ሒሳቡን አሳየኋቸው። 56 እና 17 ሲደመሩ 73 ይሆናሉ፤ ከዚህ ላይ 64 ሲቀነስ 9 ይቀራል። ይህ ማለት እያንዳንዱ ሌንስ በዓይናቸው ትክክል እንዲሆን መሐሉ 4.5 ሚሊ ሜትር ወደ አፍንጫ መሳብ አለበት። በተሳበ መጠን በጆሮ በኩል ያለው ጠርዝ ከመሐሉ ይርቃል፤ የቅርብ ብቻ የሚያይ ሰው ሌንስ ደግሞ መሐሉ ስስ፣ ጠርዙ ወፍራም ስለሆነ የራቀው ጠርዝ ይወፍራል። በተለመደው ፕላስቲክ ሌንስ ይህ ጠርዝ በግምት 6.2 ሚሊ ሜትር ይደርሳል።

ቀጥሎ 50□19 የሆነ ፍሬም አነሣን። ድምሩ 69 ነው፤ 64 ሲቀነስ 5 ይቀራል፤ እያንዳንዱ ሌንስ 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሳባል። ጠርዙም ወደ 5 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ቁጥሩ 1.6 የተባለውንና ቀጠን የሚለውን ሌንስ ቢጨምሩበት ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። በመጠኑ ያነሰ ፍሬም የመረጠ ሰው ውድ ሌንስ ሳይገዛ ከክብደቱ ብዙ ይቀንሳል፤ አፍንጫ ላይ የሚንሸራተተው ደግሞ ከሁሉ በፊት ከባዱ መነጽር ነው። የሌንሱ ኃይል ትንሽ ለሆነ ሰው፣ ለምሳሌ −1.00 ለታዘዘለት፣ ይህ ልዩነት ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ደስ ያለውን ወርድ ይምረጥ።

አፍንጫና ጆሮ ላይ ይፈትኑት

ፍሬሙን አድርገው መሬት እስኪያዩ አንገትዎን ይድፉና ራስዎን ቀስ ብለው ይወዝውዙ። ከወረደ ወይ ድልድዩ ሰፍቷል፣ ወይ ዘንጉ ከጆሮ ጀርባ የሚታጠፍበት ቦታ አልገጠመም። ዘንጉ መታጠፍ ያለበት ልክ የጆሮዎ አናት ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ኋላ ርቆ ከታጠፈ ምንም የሚይዘው የለም። ይህን ባለሙያው በማሞቂያ ሊያስተካክለው ይችላል፤ የድልድዩን ስፋት ግን ማስተካከያ የሌለው ፍሬም ከሆነ ምንም አያድነውም። ቀጥሎ ፈገግ ይበሉ፤ ፍሬሙ ጉንጭዎ ላይ ተደግፎ ከተነሣ በቁመቱ ይበልጥብዎታል። ሽፋሽፍትዎ ሌንሱን ከነካም በየቀኑ ቅባት እየቀባው ያስቸግርዎታል።

ለሚነዳ ሰው አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ። ፊትዎን ቀጥ አድርገው ዓይንዎን ብቻ ወደ ጎን ያዙሩ። ወፍራምና ሰፊ ዘንግ ያለው ፍሬም ከጎን የሚመጣን እግረኛ ወይም ባጃጅ ይሸፍናል። በእንዲህ ያለ ፍሬም ላይ ሐሳቤ አይለወጥም፤ ምንም ያህል ቢያምር ለሹፌር አልሸጥም።

ቁሱን በላብዎ ይለኩ

የሹፌሩ አሮጌ ፍሬም ኒኬልና መዳብ ካለበት ርካሽ ቅይጥ የተሠራ ነው። የላብ ጨው ልባጡን ሲልጠው ከሥር ያለው መዳብ አረንጓዴ ዝገት አወጣ፤ ኒኬሉ ደግሞ በአንዳንድ ሰው ቆዳ ላይ ማሳከክና ሽፍታ ያመጣል። ርካሽ ጉትቻ ወይም የሰዓት ማሰሪያ ሲያሳክክዎት የኖረ ከሆነ፣ ከመነጽርም ተመሳሳይ ነገር ይጠብቁ። ለእርሳቸው የተሻለው ቲታኒየም ነው፤ ቀላል ነው፣ ላብ አይጎዳውም፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። የሚከተለው ምርጫ በደንብ የተለበጠ አይዝጌ ብረት ሲሆን፣ ኒኬል ቢኖርበትም እንደ ርካሹ ቅይጥ በቀላሉ አይለቅም።

አሲቴት የሚባለው ወፍራም የፕላስቲክ ዓይነት ለቆዳ ምቹና ውብ ነው። ነገር ግን በሙቀት ይለሰልሳል፤ ባለሙያው ሲያስተካክለው ይህ ጥቅም ይሆናል፣ ባቲ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ሲረሳ ግን ቅርጹን ያስጥለዋል። በዚያ ላይ የአፍንጫ ማረፊያው ከፍሬሙ ጋር አንድ ላይ ስለተሠራ ላብ ሲነካው ያንሸራትታል። ስለዚህ ሹፌሩ ቀጭን ዘንግ ያለው፣ በየአፍንጫው ልክ የሚገፋና የሚሳብ የሲሊኮን ማረፊያ ያለው የአይዝጌ ብረት ፍሬም ወሰዱ።

ሽፋኑን ሲመርጡ

የፕላስቲክ ሌንስ ለጭረት ስሱ ስለሆነ የጭረት መከላከያ ሽፋን ሊቀር አይገባውም። ከዚያ በላይ ገንዘብ ካለዎት ለሚነዳ ሰው የሚበጀው አንቲ ሪፍሌክሽን የተባለው ነው። ሽፋን የሌለው ሌንስ ከሚመጣለት ብርሃን የተወሰነውን መልሶ ያንጸባርቃል፤ በሌሊት የተቃራኒ መኪና መብራት በሌንሱ ገጾች መካከል እየተመላለሰ ተደራቢ ብርሃን የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ሽፋኑ በእርግጥ መኖሩን ለማወቅ ሌንሱን ከነጭ አምፖል ሥር ያዘንብሉት። ነጸብራቁ ደማቅና ነጭ ከሆነ ሽፋን የለውም፤ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ከሆነ አለው።

በፀሐይ የሚጠቁረውን ፎቶክሮሚክ ሌንስ ሹፌሩ አጥብቀው ፈልገውት ነበር። የሚያጠቁረው ግን በዋናነት አልትራቫዮሌት ጨረር ነው፤ የመኪናው የፊት መስታወት ደግሞ የዚህን ጨረር አብዛኛውን ያስቀራል። ስለዚህ መሪው ላይ ተቀምጠው ሳለ እምብዛም አይጠቁርም። ከዚህም ሌላ ይህ ሌንስ በብርድ ይበልጥ ይጠቁራል፣ በሙቀት ግን ይዳከማል፤ ደሴ ላይ ጥሩ ጠቁሮ ባቲ ላይ፣ በሚያስፈልግበት ቦታ፣ ፈዘዝ ይላል። በእግሩ ለሚሄድ የደሴ መምህር እመክረዋለሁ፤ ለእርሳቸው ግን በማዘዣቸው ልክ የተሠራ ሁለተኛ ጥቁር መነጽር ይሻላቸዋል ብዬ አሳመንኳቸው። የጥቁር መነጽር ደረጃ ሲያዩ ለመኪና 3ኛው ይበቃል፤ 4ኛው ለመንዳት የማይፈቀድ ጥቁረት ነው። ሲመሽ ደግሞ ጥቁሩም ሆነ ለሌሊት ተብሎ የሚሸጠው ቢጫ ሌንስ ወደ ዓይን የሚደርሰውን ብርሃን ስለሚቀንሱ ይውለቁ። የስልክን ሰማያዊ ብርሃን ይከላከላል ተብሎ የሚጨመረው ሽፋን የዓይን ድካምን እንደሚቀንስ አልተረጋገጠም፤ ገንዘቡን ለአንቲ ሪፍሌክሽኑ ያውሉት።

አያያዙ

የሹፌሩ ሌንስ የተሰነጠቀው መነጽሩን የፊት ሰሌዳው ላይ አድርገው ምሳ ስለሚበሉ ነው። ፕላስቲኩ በሙቀት ሲለጠጥ ከላዩ ያለው ስስና ግትር ሽፋን እኩል ሊለጠጥ ስለማይችል ይሰነጠቃል። ጭረትና ስንጥቅ በመልክ ይለያያሉ፦ ጭረት ጨርቁ የሄደበትን አቅጣጫ ይከተላል፤ የሙቀት ስንጥቅ ግን ሌንሱን በሙሉ እንደ ሸረሪት ድር ይይዘዋል፣ በተለይ ብርሃን በጎን ሲያርፍበት ይታያል። መነጽሩ ሲወልቅ ጠንካራ ቤቱ ውስጥ ገብቶ ከሰው ጋር ይውረድ። እንደዚሁ በፈላ ውኃ አይታጠብ፣ ወደ ምድጃ አፍም አይጠጋ።

ጭረትን የሚያመጣው በብዛት በነጠላ ወይም በሸሚዝ ጫፍ ደረቁን መጥረግ ነው። የመንገድ አቧራ አሸዋ አለበት፤ ደረቁን ሲፈትጉት አሸዋው ሌንሱን ይሞርዳል። መጀመሪያ ለብ ባለ ውኃ አቧራውን ያስወርዱ፤ ከዚያ አንዲት ጠብታ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና በጣትዎ ቀብተው ሌንሱን፣ የአፍንጫ ማረፊያውንና የዘንጉን መታጠፊያ ይሹ፤ አለቅልቀው በንጹሕ የሌንስ ጨርቅ ያድርቁ። የቡና ጢስና ዕጣን ያጠላው የቅባት ጉምም የሚለቀው በዚሁ ነው። አሴቶን ያለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሲቴት ፍሬምን ያቀልጣል፣ አንዳንዱን ሌንስም ያበላሻል። የጥርስ ሳሙናና አመድ ደግሞ የጭረት መፍትሔ ሳይሆኑ ራሳቸው ጭረት ናቸው። ጨርቁም በየሳምንቱ ይታጠብ።

መነጽሩን በሁለት እጅ ያውልቁ፤ በአንድ እጅ የሚያወልቅ ሰው አንዱን ዘንግ እየገነጠለ ይሄዳልና ከጊዜ በኋላ ፍሬሙ ይዘማል። ጠረጴዛ ላይ ገልብጠው ሲያስቀምጡት አራቱም ጫፎቹ እኩል ካልነኩ ዘሟል ማለት ነው፤ ለባለሙያ ያሳዩት እንጂ በእጅዎ አይጠምዝዙት። ከሁለት ወር አንዴ ብሎኖቹን ይመልከቱ፤ ሲሊኮኑ ቢጫ ወይም ድርቅ ያለ ሲሆን፣ በላብ ለሚሠራ ሰው በስድስት ወር ገደማ፣ ይለወጥ። ሹፌሩ ባለፈው የመጡትም ለዚሁ ነበር፤ ማረፊያውን ቀይሬላቸው ብሎኑን ሳጠብቅ ሌንሱን ከአምፖል ሥር አዘነበልኩት፣ ነጸብራቁ አሁንም ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው።