የሠርግ ምግብ አዘጋጆችን ዋጋ ስታወዳድሩ

ምግብ አዘጋጆች የሚሰጧችሁን ዋጋ በነፍስ ወከፍ ሒሳቡ ብቻ አታወዳድሩ፤ ጠቅላላ ወጪውን ይመጣሉ ብላችሁ በምትጠብቋቸው እንግዶች ቁጥር አካፍሉና የሚገኘውን ውጤት ተመልከቱ።

የምትጠብቋቸው እንግዶች 220 ናቸው እንበል። አንደኛው አዘጋጅ ለአንድ ሰው 100 ይጠይቃል፤ ነገር ግን ቢያንስ የ250 ሰው ሒሳብ እንዲከፈለው፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና ለሳህንና ለብርጭቆ ኪራይ 1,500 እንዲጨመርለት በወረቀቱ ግርጌ ካሰፈረ፣ ድምሩ 30,250 ስለሚሆን እያንዳንዱ እንግዳ በ137.50 ይስተናገዳል ማለት ነው። ሁለተኛው ሁሉንም አጠቃልሎ በ118 ካቀረበና የሚያስከፍለው ለ220ው ብቻ ከሆነ፣ ድምሩ 25,960 ነው። ውድ የመሰለው ረክሶ ተገኘ። ታክስ በዋጋው ውስጥ መካተቱንም ሁለቱንም በአንድ ዓይነት መንገድ ጠይቁ።

የምግብ ዝርዝሩን በዓይነት ብዛት መመዘን ያሳስታል፤ አሥራ ሁለት ዓይነት ምግብ ተጽፎ የሥጋው መጠን ካልተገለጸ፣ ዘግይተው የሚሰለፉ እንግዶች ባዶ ትሪ ሊጠብቃቸው ይችላል። ስለዚህ ለአንድ ሰው የተመደበው የሥጋ መጠን በግራም፣ ያለቀው ምግብ መተካት አለመተካቱም በጽሑፍ ይስፈር። «መስተንግዶን ይጨምራል» የሚል ሐረግ ብቻውን ብዙም አይነግራችሁም፤ የአስተናጋጆቹ ቁጥር፣ ሥራ የሚጀምሩበትና የሚጨርሱበት ሰዓት፣ ዝግጅቱ ከተራዘመ በየሰዓቱ የሚታሰበው ጭማሪ፣ እንዲሁም ዕቃ ማጠቡና አዳራሹን ማጽዳቱ የማን ኃላፊነት እንደሆነ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት በውሉ ላይ ይጻፍ።