የዶሮ ጭን በከሰል ሲጠበስ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከውጭ ያረረ፣ አጥንቱ ጋ ሲደርሱ ግን ጥሬ። የዶሮ ጭን በከሰል ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እንዲህ ነው። ጥፋቱ የቅመሙ አይደለም፣ የእሳቱ አደላደል ነው። እዚህ የማወራው አጥንቱና ቆዳው ስላልወጣ 8 ጭን ነው። መጥበሻው ክዳን ያለው ይሁን።

ፍሙን በመጥበሻው ሙሉ መበተን

ከሥር በሙሉ ፍም ካለ ጭኑ የሚሸሽበት ቦታ የለውም። ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ሲሞቅ ይቀልጣል። ፍሙ ላይ ሲንጠባጠብ እሳቱ ቦግ ይላል፣ ቆዳውም በጥላሸት ይለበሳል። ሥጋው ግን ገና አልሞቀም።

የተያያዘውን ፍም ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይሰብስቡት፣ ሌላውን ግማሽ ባዶ ይተዉት። ባዶው ወገን ማብሰያ ነው፣ ፍም ያለበት ደግሞ ቆዳውን ማቅያ። እሳቱ ቦግ ቢልብዎ ውሃ አይርጩበት፤ አመዱ ተነስቶ ሥጋው ላይ ይለጠፋል። ጭኑን ወደ ባዶው ወገን ይግፉትና ክዳኑን ይግጠሙ። አየር ሲያጣ ነበልባሉ ይበርዳል።

እጅን ባልተለካ ከፍታ ላይ መያዝ

በእጅ ሙቀት መለካት ጥሩ ዘዴ ነው፣ ግን ብዙ ሰው ዛሬ ዝቅ፣ ነገ ከፍ አድርጎ ይይዝና ቁጥሩ ትርጉም ያጣል። መዳፍዎ ከፍርግርጉ በላይ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን፤ የአንድ ለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ ቁመት ማለት ነው። እጅጌዎን ሰብስበው «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት» እያሉ በዝግታ ይቁጠሩ። ማቃጠል ሲጀምር ወዲያው እጅዎን ያንሱ።

ፍሙ ባለበት ወገን ከ2 እስከ 3 ሰከንድ ብቻ ከቻሉ እሳቱ ኃይለኛ ነው፣ ቆዳ ለማቅላት ይሆናል። ከ5 እስከ 7 ከቻሉ መካከለኛ ነው። በባዶው ወገን 8 ወይም ከዚያ በላይ መቁጠር መቻል አለብዎት፤ ካልቻሉ ፍሙ ተጠግቷልና ያርቁት።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ከሰሉ ግማሹ ገና ጥቁር ሆኖ ከለኩ ያገኙት ቁጥር ይከዳዎታል፣ እሳቱ ገና እየጨመረ ነውና። ግራጫ አመድ እስኪለብስ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይጠብቁ። ከዚያ ፍርግርጉን 5 ደቂቃ ያሙቁትና ይለኩ።

ከኃይለኛው እሳት መጀመር

እኔ ሁሌም በባዶው ወገን እጀምራለሁ። ቆዳውን በወረቀት አድርቀው፣ ጨው ነስንሰው፣ ቆዳው ወደ ላይ ሆኖ ይደርድሩ። ክዳኑን ሲገጥሙ የላይኛው የአየር ቀዳዳ በዶሮው በኩል ይሁን፤ ትኩሱ አየር በጭኖቹ ላይ አልፎ ይወጣል። 15 ደቂቃ ሲሆን ለፍሙ የቀረቡትን ከራቁት ጋር ቦታ ያቀያይሩ። መሃል ላይ ክዳኑን ደጋግመው አይክፈቱ፣ በከፈቱ ቁጥር ጊዜው ይረዝማል።

ከ30 ደቂቃ ገደማ በኋላ የሥጋው ሙቀት 75 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። አሁን ፍሙን እንደገና በእጅዎ ይለኩ። ይህን ሁሉም ሰው ይረሳዋል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ እሳቱ ደክሟል፤ 5 ወይም 6 ሰከንድ ከቆጠሩ ቆዳው ሳይንኮሻኮሽ ሥጋው ይደርቃል። ክዳኑን ከፍተው፣ የታችኛውን ቀዳዳ ለቀው፣ ፍሙን ቆስቁሰው ጥቂት ይጠብቁ። ቆጠራው 3 ሲመለስ ጭኖቹን በቆዳቸው ፍሙ ላይ ያስተኟቸው። ከ2 እስከ 4 ደቂቃ ይበቃል፤ እየገለጡ ይዩ፣ አጠገባቸውም አይጥፉ።

ቀለሙን አይቶ መፍረድ

አጥንቱ አጠገብ ያለው ሥጋ በደንብ በስሎም ቀላ ብሎ ሊታይ ይችላል፣ ከአጥንቱ መቅኒ የሚወጣ ቀለም ነው። ስለዚህ ቴርሞሜትር ይጠቀሙ። አጥንት ሳይነካ በወፍራሙ በኩል ይውጉት። 74 ዲግሪ ለጤና በቂ ነው፣ ለጭን ግን እኔ ከ80 እስከ 85 እመርጣለሁ። ጭን ጅማት ይበዛበታል፣ በ74 ሲበሉት ላስቲክ ላስቲክ ይላል፤ ከ80 በላይ ግን ይለሰልሳል። እንደ ደረት ሥጋ ቶሎ ስለማይደርቅ አይስጉ።

ስኳር ያለበትን ስጎ ቀድሞ መቀባት

ማርም ሆነ ኬቻፕ ያለበት ስጎ ቶሎ ያርራል፣ ሲያርርም ይመራል። ቆዳው ከቀላ በኋላ ወደ ባዶው ወገን መልሰው ይቀቡትና ለ5 ደቂቃ ይክደኑት።

ካወጡት በኋላም 5 ደቂቃ ይረፍ። ብቻ በፎይል አይሸፍኑት፤ እንፋሎቱ የለፉበትን ቆዳ መልሶ ያልፈሰፍሰዋል።