የኅዳርን የሥራ ግብር ከጅማ በኢንተርኔት ማስታወቅ፦ ዝርዝሩ የሚመለሰው ለምንድን ነው?

ኅዳር ሲገባ ጅማ ውስጥ ሥራ ይበዛል። ቡናው ከየወረዳው ይገባል፣ መፈልፈያዎች ሌሊት ሳይቀር ይሠራሉ፣ አዳዲስ ሠራተኞች ይቀጠራሉ። የዚያ ወር የደመወዝ ግብር በታኅሣሥ መታወቅ አለበት፤ ሒሳብ የምሠራላቸው ድርጅቶች ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ተቀባይነት አጥቶ የሚመለሰውም በዚህ ጊዜ ነው። የተመለሱትን አንድ በአንድ ስመረምር ስህተቱን ያገኘሁት ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ በሠራተኞች ዝርዝር ውስጥ ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ የሚሠራው ድረ ገጹን ከመክፈት በፊት ነው። ይህንን በአንድ ድርጅት የኅዳር 2018 ሒሳብ ላሳይዎት።

አስቀድመው አንድ ነገር ያረጋግጡ። ከዚህ በታች የምገልጸው etax.mor.gov.et የገቢዎች ሚኒስቴር ድረ ገጽ ነው። የድርጅትዎ ፋይል በሚኒስቴሩ ቅርንጫፍ ከሆነ የሚያስታውቁት በዚሁ ነው። ፋይልዎ በኦሮሚያ ገቢዎች ሥር ከሆነ ግን የማስታወቂያውን መንገድ ፋይልዎ ከሚገኝበት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።

መጀመሪያ ሒሳቡ

ድርጅቱ አነስተኛ የቡና መፈልፈያ ነው፤ ስድስት ቋሚ ሠራተኞች አሉት። ሥራ አስኪያጁ 18,000፣ የሒሳብ ሠራተኛዋ 12,000፣ የማሽን ሠራተኛው 8,500፣ ንብረት ጠባቂዋ 6,000፣ ሁለቱ የጥበቃ ሠራተኞች ደግሞ እያንዳንዳቸው 3,500 ብር የወር ደመወዝ አላቸው። በኅዳር ከጥበቃዎቹ አንዱ 700 ብር የትርፍ ሰዓት ክፍያ አግኝቷል።

በ2017 የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ የደመወዝ ግብር መደቦችን ለውጧል። እስከ 2,000 ብር ግብር የለም። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ድረስ 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ድረስ 20፣ እስከ 10,000 ድረስ 25፣ እስከ 14,000 ድረስ 30፣ ከ14,000 በላይ 35 በመቶ ነው። በአጭሩ ለማስላት የሠራተኛውን ጠቅላላ ገቢ በሚያርፍበት መደብ መጣኔ ያባዙና እንደ መደቡ ቅደም ተከተል 300፣ 500፣ 850፣ 1,350 ወይም 2,050 ብር ይቀንሱ። በኤክሴል ለሚሠራ ሰው ይህ አንድ መስመር ይበቃል፤ ግብር የሚከፈልበት ገቢ በ C2 ላይ እንዳለ ይቁጠሩት።

```
=MAX(0, C2*15%-300, C2*20%-500, C2*25%-850, C2*30%-1350, C2*35%-2050)
```

በዚህ መሠረት የሥራ አስኪያጁ ግብር 4,250፣ የሒሳብ ሠራተኛዋ 2,250፣ የማሽን ሠራተኛው 1,275፣ የንብረት ጠባቂዋ 700 ብር ይሆናል። ትርፍ ሰዓት ያልሠራው ጥበቃ 225 ብር ይከፍላል። ትርፍ ሰዓት የሠራው ግን ገቢው 4,200 ስለሆነ ወደሚቀጥለው መደብ ያልፋል፤ ግብሩም 340 ብር ነው። ትርፍ ሰዓቱን ለብቻው አስልቶ መደመር የተለመደ ስህተት ነው፤ ከደመወዙ ጋር ተደምሮ በአንድነት መሰላት አለበት። የስድስቱ ጠቅላላ ገቢ 52,200፣ ግብሩ 9,040 ብር መጣ።

እዚህ ላይ ሁለት ስህተቶች ደጋግመው ያጋጥሙኛል። አንደኛው ከቀድሞ የሒሳብ ሠራተኛ የተወረሰ ፋይል ነው። ውስጡ ያለው ቀመር የድሮው ሲሆን ማንም አይቶ አያውቅም። በድሮው መደብ የንብረት ጠባቂዋ ግብር 935 ብር ይሆን ነበር፤ በየወሩ 235 ብር ያለ አግባብ ይቆረጥባታል ማለት ነው። ፋይልዎን ለመፈተን 6,000 ብር ያስገቡበት። 700 ካልሰጠ ቀመሩን ይቀይሩት። ሁለተኛው የጡረታ መዋጮውን አስቀድሞ ቀንሶ ከቀሪው ላይ ግብር ማስላት ነው። የሠራተኛው 7 በመቶ መዋጮ ከደመወዙ ይቆረጣል እንጂ ግብር የሚከፈልበትን ገቢ አይቀንስም። ለንብረት ጠባቂዋ ግብሩ የሚሰላው ከ6,000 ነው፤ ከዚያ 700 ግብርና 420 ጡረታ ተቀንሶ እጇ ላይ 4,880 ብር ይደርሳል።

ከዚያ ዝርዝሩ

ድረ ገጹ የሚሰጠውን ባዶ ሠንጠረዥ አውርደው በእሱ ላይ ይሥሩ። የአምዶቹን ቅደም ተከተል አይለውጡ፣ ርዕሳቸውን አይተርጉሙ፣ ከታች የድምር መስመር አይጨምሩበት። ድምሩን በሌላ ገጽ ይያዙ፤ ምክንያቱም ሲስተሙ የድምር መስመሩን እንደ ሰባተኛ ሠራተኛ ሊያነበው ይችላል።

ብዙ ጊዜ ያስለቀሰን ግን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ፣ በተለምዶ ቲን የምንለው ነው። ቲን አሥር አሃዝ አለው፤ ብዙዎቹም በዜሮ ይጀምራሉ። ኤክሴል ደግሞ ቁጥር መስሎ የታየውን ሁሉ ከፊቱ ያለውን ዜሮ ይጥልበታል። 0012345678 ብለው ጽፈው ወደ ሌላ ሕዋስ ሲያልፉ 12345678 ሆኖ ይቀራል፤ ሲስተሙም እንዲህ ያለ ግብር ከፋይ አላውቅም ይላል። መፍትሔው ከመጻፍ በፊት አምዱን በሙሉ መርጦ ዓይነቱን Text ማድረግ ነው። ዜሮው አስቀድሞ ከጠፋ በሌላ አምድ ይህንን ይጠቀሙ፤ ውጤቱንም ቀድተው እንደ ጽሑፍ ይለጥፉት።

```
=TEXT(A2,"0000000000")
```

ለማረጋገጥ ደግሞ በጎኑ ይህንን ይጻፉ።

```
=LEN(A2)
```

መልሱ 10 መሆን አለበት። 8 ወይም 9 ካለ ዜሮ ጠፍቷል። 11 ካለ ከሌላ ሰነድ ሲቀዳ የመጣ ባዶ ቦታ ከቁጥሩ ጋር ተጣብቋል፤ ዓይን አያየውም፣ ሲስተሙ ግን ያየዋል። የሚላከው ፋይል በ .csv መልክ ከሆነ ሌላም ወጥመድ አለ። አስተካክለው ካስቀመጡ በኋላ ለማየት ብለው እንደገና በኤክሴል ቢከፍቱትና ቢያስቀምጡት ዜሮዎቹ ተመልሰው ይጠፋሉ። የመጨረሻውን ፋይል ማየት ከፈለጉ በ Notepad ይክፈቱት።

ስሙን ከቲን ምስክር ወረቀቱ ላይ እንዳለ ይገልብጡ። በአካባቢያችን አንድ ሰው በመታወቂያው Mohammed፣ በባንክ ደብተሩ Muhammed፣ በቲን ወረቀቱ ደግሞ Mohamed ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሥራ የሚቆጠረው የቲኑ ነው። በኅዳር የተቀጠረ ሠራተኛ ቲን ከሌለው ደመወዙ ከመከፈሉ በፊት እንዲያወጣ ያድርጉ። የእኛው የማሽን ሠራተኛ ቲን አልነበረውም፤ ይህንን ያወቅነው የማስታወቂያው ጊዜ ሊያበቃ ሦስት ቀን ሲቀረው ስለነበር የስድስቱም ማስታወቂያ እሱን ጠበቀ።

የቅጥር ቀንም ተንኮል አለበት። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 30 ቀን 2018 ሲጻፍ 30/02/2018 ነው። በፈረንጅ የካቲት 30 ቀን ስለሌለው ኤክሴል ይህንን ቀን አድርጎ አይቀበለውም፤ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። 05/02/2018 ብለው ሲጽፉ ግን የፈረንጅ ቀን አድርጎ ይቀበለዋል፣ እንደ ኮምፒውተሩ አቀማመጥም ቀኑንና ወሩን ሊያቀያይረው ይችላል። በአንድ አምድ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነገር ይፈጠራል። የቀኑንም አምድ Text ያድርጉት፤ ሠንጠረዡ የሚጠይቀው የትኛውን አቆጣጠርና አጻጻፍ እንደሆነ አይተውም ለሁሉም ሠራተኛ አንድ ዓይነት ያድርጉ።

አሁን ወደ ድረ ገጹ

በተጠቃሚ ስምዎና በይለፍ ቃልዎ ይግቡ። የግብር ዓይነቱን፣ ቀጥሎ የማስታወቂያውን ወር ይምረጡ። የሚመረጠው ደመወዙ የተከፈለበት ወር፣ ኅዳር 2018 ነው፤ እርስዎ ቅጹን የሚሞሉበት ታኅሣሥ አይደለም። ይህ ስህተት ወዲያው ላይታወቅ ይችላል። የሚታወቀው በሚቀጥለው ወር የታኅሣሥን ሊያስታውቁ ሲገቡ ተሞልቶ ሲያገኙት፣ ኅዳር ደግሞ እንዳልታወቀ ሲነገርዎት ነው።

በቅጹ ላይ የሠራተኞችን ብዛት 6፣ ግብር የሚከፈልበትን ጠቅላላ ገቢ 52,200፣ ግብሩን 9,040 ብለው ይሙሉና ዝርዝሩን ያያይዙ። ሦስቱ ቁጥሮች ከዝርዝሩ ድምር ጋር በሳንቲም እንኳን መለያየት የለባቸውም። መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ጊዜ ብዙ ሳይቆዩ እንዲወጡ ሁሉንም ነገር አዘጋጅተው ይግቡ።

ረቂቁን ማስቀመጥ ማስታወቅ አይደለም። ማስታወቂያው መግባቱን የሚያሳየው ከላኩ በኋላ የሚወጣው የሰነድ ቁጥር ነው። በዚያ መሠረት 9,040 ብሩን በባንክ ይከፍላሉ። የኅዳር ግብር የሚታወቀውም የሚከፈለውም ወሩ ካለቀ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ስለሆነ ክፍያውን ለመጨረሻው ቀን አይተዉት።

የጡረታ መዋጮው በራሱ ቅጽ ለብቻው ይታወቃል። ሠራተኛው 7፣ ድርጅቱ 11 በመቶ ያዋጣሉ። እዚህ የሚሰላው ከመደበኛ ደመወዝ ብቻ ስለሆነ መነሻው 51,500 ብር ነው፤ 3,605 ከሠራተኞች፣ 5,665 ከድርጅቱ፣ በድምሩ 9,270 ብር። በሥራ ግብሩ ቅጽ 52,200፣ በጡረታው 51,500 መሆኑ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ልዩነቱ የጥበቃው 700 ብር ትርፍ ሰዓት ነው፤ እንዲመሳሰሉ ብለው አንዱን አይለውጡ።

ቢመለስስ?

የተመለሰውን ማስታወቂያ ሲያዩ አዲስ አይጀምሩ። ለአንድ ወር ሁለት ማስታወቂያ ከተፈጠረ ነገሩ የበለጠ ይወሳሰባል። የተመለሰውን ራሱን ከፍተው ምክንያቱን ያንብቡና ያስተካክሉ። ማስታወቂያው ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ስህተት ካዩ ደግሞ የማሻሻያ ማስታወቂያ ያቅርቡ።

ምክንያቱ የድምር አለመጣጣም ከሆነ ልዩነቱን ያስሉ፤ ቁጥሩ ራሱ ጥፋቱን ይጠቁማል። በእኛ ፋይል ሲስተሙ ያነበበው 46,200፣ ቅጹ ላይ የነበረው 52,200 ነበር። 6,000 ብር የጎደለው የንብረት ጠባቂዋ ደመወዝ ነው። መስመሯን ስንመለከት ደመወዟ «6,000 ብር» ተብሎ ከነቃሉ ተጽፏል፤ ኤክሴል ጽሑፍ ነው ብሎ ከድምሩ ትቶታል። ቃሉን አጥፍተን 6000 ብቻ ጻፍን። ልዩነቱ 700 ቢሆን ትርፍ ሰዓቱን፣ 3,500 ቢሆን ከጥበቃዎቹ አንዱን እንፈልግ ነበር።

ምክንያቱ መለያ ቁጥር ከሆነ ከላይ ባለው LEN ይጀምሩ። ርዝመቱ አሥር ሆኖም ካልተቀበለ ቁጥሩን ከምስክር ወረቀቱ ጋር አሃዝ በአሃዝ ያመሳክሩ፤ አንድ ሰው ሲያነብ ሌላው ቢያይ ይሻላል። ይህም ካልረዳ ምስክር ወረቀቱን ይዘው ወደ ቅርንጫፉ ይሂዱ፤ ስህተቱ በምዝገባው ላይ ሊሆን ስለሚችል ከቤት ሆነው አያስተካክሉትም።

ተቀባይነት ሲያገኝ የተላከውን ፋይል፣ የሰነድ ቁጥሩን የያዘውን ገጽና የባንኩን ደረሰኝ «ኅዳር 2018» በሚል አንድ ማኅደር ያስቀምጡ። ለታኅሣሡ ደግሞ ይህንኑ ፋይል ቀድተው የደመወዝና የትርፍ ሰዓት አምዶቹን ብቻ ያድሱ፤ የቲኑን አምድ አይንኩት።