ቫረኒክሊን ሲጀመር፦ ማቅለሽለሹ፣ ቅዠቱና ቡናው

ቫረኒክሊን ሲጋራ ለማቆም በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ክኒን ነው። አንዳንዱ ሰው ሁለተኛው ሳምንት ላይ ይጥለዋል። ለምን ሲሉት «ሆዴን ገለባበጠው» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ አወሳሰዱ ላይ ነው።

«ሲጋራው አልጣፍጥ አለኝ»

ይሄ እንኳን ችግር አይደለም፤ መድኃኒቱ መሥራቱን ያሳያል። አእምሯችን ውስጥ ኒኮቲን የሚያርፍባቸው ተቀባዮች አሉ፤ ዋናዎቹ አልፋ 4 ቤታ 2 ይባላሉ። ኒኮቲን እዚያ ሲያርፍ ዶፓሚን ይለቀቃል፤ አጫሹን እፎይ የሚያሰኘውም ያ ነው። ቫረኒክሊን እዚያው ቦታ ላይ ይቀመጣል፣ የሚያስለቅቀው ዶፓሚን ግን ከኒኮቲን በጣም ያነሰ ነው። ትንሽ ስለሚሰጥ አምሮቱ ይበርዳል። ቦታውን ስለያዘ ደግሞ ሲጋራ ሲለኮስ ኒኮቲኑ ታክሲው ሞልቶ ይጠብቀዋል።

ለዚህ ነው የመጀመሪያው ሳምንት እያጨሱ የሚጀመረው። ከ1ኛው እስከ 3ኛው ቀን 0.5 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ፣ እስከ 7ኛው ቀን 0.5 በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከ8ኛው ቀን ጀምሮ 1 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ይወሰዳል። ሲጋራው አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው በ8ኛው ቀን ነው፤ ክኒኑ ግን እስከ 12 ሳምንት ይቀጥላል።

«ያቅለሸልሸኛል»

ከሁሉም የሚበዛው ቅሬታ ይሄ ነው፤ ሙሉውን መጠን ከሚወስዱት ከሦስቱ አንዱን ገደማ ይነካል። ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው ላይ ይብሳል።

ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ወዳጄ መድኃኒቱን የጀመረው ዐቢይ ጾም ላይ ነበር። ጠዋት ሥራ ሲወጣ ክኒኑን በአንድ ጉንጭ ውኃ ይውጣል፤ እህል የሚቀምሰው 9 ሰዓት ላይ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ቻለው። በ8ኛው ቀን መጠኑ ሲጨምር ግን መንገድ ላይ መኪና አቁሞ አስመለሰ። ሊተወው ሲል ሐኪሙ ጋ ደወለ። መጠኑ ወደ 0.5 በቀን ሁለት ጊዜ ወረደለት። የንስሐ አባቱም ስለ መድኃኒቱ ቁርስ እንዲበላ ፈቀዱለት። ከዚያ ወዲያ ክኒኑን የሚውጠው በልቶ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ነው። በጥቂት ቀን ውስጥ ሆዱ ተረጋጋ።

በልተውም ከጠናብዎ ኩላሊትዎን ያስቡ። መድኃኒቱ ከሞላ ጎደል ሳይለወጥ የሚወጣው በሽንት ነው። ኩላሊት ሲደክም ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ መጠኑም መቀነስ አለበት። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ይህን ሳይጀምር በፊት ለሐኪሙ ይንገር። የሆድ ድርቀትና ራስ ምታትም ያጋጥማሉ፤ እነሱ ብዙም አያሳስቡም።

«እንቅልፍ የለም፤ ቢመጣም ቅዠት ነው»

እነዚያ ተቀባዮች እንቅልፍ ላይም እጃቸው አለበት። ሕልሙ ሲኒማ ይመስላል፤ አንዳንዱ እንዲያውም ይወደዋል። ካስቸገረ የማታውን ክኒን ወደ መኝታ ሰዓት አያስጠጉ፣ በጊዜ ከእራት ጋር ይዋጡት።

እኛ ቡና ጠጪዎች ግን ሌላም ተጠርጣሪ አለን። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል። ጭሱ ሲቀር ያ ፍጥነት በቀናት ውስጥ ይወርዳል፤ የለመዱት ያው ሲኒ እጥፍ የጠጡ ያህል ሊሆን ይችላል። መለያው ጊዜው ነው። እንቅልፉ የጠፋው ገና እያጨሱ ከሆነ መድኃኒቱን ይጠርጥሩ። ሲጋራውን ካቆሙ በኋላ፣ ከልብ ምትና ከእጅ መንቀጥቀጥ ጋር ከመጣ ደግሞ ቡናውን። አቦልና ቶናውን ጠጥተው በረካውን ይተዉት፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጭራሽ ይቅርብዎ።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

ፊት፣ ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ቆዳ ካበጠና ከተላጠ፣ የሚጥል ሕመም ከተነሳ ወይም ደረት ከጨመደደ ክኒኑን አቁሞ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። ቀድሞ የሚጥል በሽታ የነበረበት ሰው ይህን አስቀድሞ ያሳውቅ። መጠጥም ከወትሮው በላይ ሊያሰክር፣ ያደረጉትንም ሊያስረሳ ይችላል። ስለዚህ ክኒኑ እንዴት እንደሚያደርግዎ እስኪያውቁ ድረስ መጠጡን ይቀንሱ፤ መኪናም ሲነዱ ይጠንቀቁ።

ስለ ስሜት ለውጥ ብዙ ይወራል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ክኒኑ ላይ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ ለጠፈ። ከ8,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ከወጣ በኋላ በ2016 አነሳው። ቢሆንም ብርቱ ድብርት፣ ያልተለመደ ቁጣ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ክኒኑን አቁመው ያን ቀኑን ሐኪም ያነጋግሩ። ክኒኑን መጀመርዎን ለአንድ የቤት ሰው ይንገሩ፤ ጠባይዎ ሲለወጥ ከራስዎ በፊት የሚያየው እሱ ነው።