ግራማፎኑ ቀረ፣ ብሩ ሄደ፦ አሮጌ ዕቃ ስትሸጡ የማትሠሯቸው ስህተቶች

ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ያለው የአጎቴ ቤት ሳሎን ጥግ ላይ አንድ ግራማፎን አለ። በእጅ የሚጠመዘዝ ነው፤ ክዳኑ ላይ የቡና ስኒ ክብ ምልክት ቀርቶበታል። አባታቸው ከጣሊያን ዘመን በኋላ እንደገዙት ይናገራሉ። አምና ጥምቀት ሊደርስ ሲል ልጃቸው ፎቶ አንስታ ቴሌግራም ላይ ለጠፈችው። ዋጋው 35 ሺህ ብር። በሦስተኛው ቀን ገዢ ተገኘ።

ግራማፎኑ ዛሬም እዚያው ጥግ ነው። የሄደው ከአጎቴ ኪስ 15 ሺህ ብር ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ ደጋግሜ ጠይቄያቸዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ማውራት አልወደዱም። በኋላ ግን አንድ በአንድ ነገሩኝ። አንድ ትልቅ ስህተት አልሠሩም፤ ትንንሽ ስህተቶች ናቸው የተደራረቡባቸው።

ስለ ዕቃው የማይጠይቅ ገዢን ማመን

ሰውዬው ድምፁ ትሁት ነበር። «ጋሼ፣ የጎንደር ልጅ ነኝ፤ አሁን ያለሁት ዋሽንግተን ነው። ሬስቶራንት ልከፍት ስለሆነ ለማስዋቢያ ፈልጌው ነው» አለ። ዋጋ አልተከራከረም። ከዚያ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና ሙሉ ስም ጠየቀ። በቃ።

ግራማፎን የሚገዛ ሰው እንዲህ አያደርግም። መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስፕሪንጉ ይይዛል ወይስ ተበጥሷል?» ብሎ ነው። መርፌው የሚገባበት ክብ ራስ የራሱ ነው ወይስ ተቀይሯል ይላል። እንጨቱን ብል በልቶታል ወይ ይላል። ሲጫወት በቪዲዮ ቅረጹልኝ ይላል። ይሄን ሁሉ ከጠየቀ በኋላ ደግሞ «25 ይበቃዋል» ብሎ ይጀምራል። ጎንደር ውስጥ 35 ሺህ ሲሉት «እሺ» ብሎ የሚዘጋ ገዢ እኔ አላየሁም።

አጎቴ ያልጠየቁት አንድ ቀላል ጥያቄ ነበር። «ዘመድህን ላክና ይየው» ማለት። የጎንደር ልጅ ከሆነ ከተማው ውስጥ አክስት አያጣም። አዘዞ ወይም ማራኪ የምትኖር እህቱ መጥታ ዕቃውን አይታ፣ ቡና ጠጥታ ትሄዳለች። አጭበርባሪ ግን ሰው መላክ አይችልም። ሰበብ ይደረድራል፤ «ሁሉም አዲስ አበባ ናቸው» ይላል፤ ወይም ይቆጣል።

በስልክ የመጣን የክፍያ ፎቶ እንደ ብር መቁጠር

ጨዋታው ያለው እዚህ ጋ ነው።

ዓርብ ወደ 11 ሰዓት ገደማ ሰውዬው ስክሪንሾት ላከ። የባንክ ዝውውር ደረሰኝ ነው። የአጎቴ ስም አለበት፤ በFT የሚጀምር የዝውውር ቁጥር አለበት፤ ቀኑም ሰዓቱም ትክክል ነው። ብሩ ግን 35 ሺህ ሳይሆን 53 ሺህ ይላል።

ወዲያው ደወለ። «ጋሼ፣ ተጨማሪውን አውቄ ነው የላክሁት። ሾፌር ይመጣል፤ ዕቃውን አሽጎ አዲስ አበባ ያደርሳል። 15 ሺህ የሱ ነው። እሱ ነዳጅ ሳይሞላ አይነሳም። በቴሌብር ላኩለት። የቀረችው 3 ሺህ ደግሞ ለድካምዎ፣ ለበዓል» አለ።

ልብ በሉ፤ ስህተት መሰለ እንጂ ስህተት አይደለም። አንዳንዱ ደግሞ «35 ልል 53 ጻፍሁ፣ መልሱልኝ» ይላል። ሌላው የቼክ ወረቀት ይልካል። ስልቱ አንድ ነው። በሌለ ገንዘብ ላይ «ትርፍ» ይፈጥሩና ያን ትርፍ ከእናንተ እውነተኛ ብር ያስከፍሏችኋል። ዕቃውን አይፈልጉትም። ለዚህም ነው ሾፌሩ ያልመጣው።

አጎቴ አመነቱ። ስልካቸው ላይ አጭር መልእክት ገባ፤ «ሒሳብዎ ገቢ ተደርጓል» ይላል። ያሳመናቸው ያ ነው። ማታ ልጃቸው ስትመጣ ስልኩን አየችው። መልእክቱ የመጣው ከባንኩ ስም ሳይሆን ከተራ የሞባይል ቁጥር ነው። ከባንኩ ሁልጊዜ የሚመጣው መልእክት አንድ ላይ ተደርድሮ ይቀመጣል፤ ይሄኛው ለብቻው ነበር። ደግሞም እውነተኛው መልእክት ቀሪ ሒሳብን ይነግራል። አጭበርባሪው የአጎቴን ቀሪ ሒሳብ ስለማያውቅ ዘሎታል።

ደረሰኙን በማየት እውነትና ሐሰት ለመለየት አትድከሙ። ደረሰኝ የሚሠሩ አፖች አሉ፤ ፊደሉም ቀለሙም አንድ ዓይነት ነው የሚመጣው። መታየት ያለበት የራሳችሁ ሒሳብ ነው። የንግድ ባንክ ከሆነ በሞባይል መተግበሪያው ወይም በ*889#፣ ቴሌብር ከሆነ በ*127# ገብታችሁ ቀሪውን ተመልከቱ። የበተን ስልክ የያዙ አዛውንት ከሆኑ ቅርንጫፍ ሄደው ስቴትመንት ያስወጡ። «ስልክዎን ይስጡኝ እኔ ላሳይዎ» ላለ ሰው ስልክ አይሰጥም። የሚስጥር ቁጥርም ሆነ በመልእክት የመጣ ኮድ ለማንም አይነገርም።

ለምን ዓርብ ማታ እንደሆነ ገብቷችኋል መቼም። ባንክ ሊዘጋ ነው፤ በዓል ነው፤ የሚጠየቅ ሰው የለም። ለዚህ መልሱ አጭር ነው፤ «ሰኞ ባንክ ሲከፈት አይቼ እነግርሃለሁ» ማለት። እውነተኛ ገዢ ሰኞን ይጠብቃል።

ስለ ውጭ ሀገር ሐዋላም አንድ ነገር ልበል። «በዌስተርን ዩኒየን ልኬያለሁ፤ ግን ዕቃው መላኩን እስክታረጋግጡ ተይዟል» የሚል ኢሜይል የደረሳቸው አሉ። ሐዋላ እንዲህ አይሠራም። ላኪው 10 አሃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣችኋል፤ መታወቂያ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ ብሩ ካለ ትቀበላላችሁ፤ ከሌለ የለም። ለማስለቀቅ የሚከፈል ነገር የለውም።

በእውነት የገባን ትርፍ ብር ለሦስተኛ ሰው መላክ

ብሩ እውነት ቢገባስ? ይሄም ይሆናል፤ ከሁሉም የከፋው ነው። ብሩ የሌላ የተታለለ ሰው ሊሆን ይችላል። እናንተ ትርፉን ለ«ሾፌሩ» ስታስተላልፉ ገንዘቡ በእናንተ ስም አለፈ ማለት ነው። ባለቤቱ ሲከስ ሒሳባችሁ ይታገዳል፤ ፖሊስም መጀመሪያ የሚያገኘው እናንተን ነው። ስለዚህ ትርፉን አትንኩት፤ ለሌላ ሰውም አትላኩ። ባንኩ ዘንድ ሄዳችሁ «የማላውቀው ገንዘብ ገብቶብኛል» በሉና በመጣበት መንገድ፣ ወደመጣበት ሒሳብ ብቻ እንዲመለስ ጠይቁ።

ለምስክር ወረቀት መክፈል

ይሄኛው የደረሰው በጎረቤታችን ላይ ነው። እማማ ከእናታቸው የወረሷቸው 12 ማርትሬዛዎች አሏቸው። አንድ ሰው መጣና «አውሮፓ ያለ ሰብሳቢ በጥሩ ዋጋ ይወስዳቸዋል፤ ግን ትክክለኛነታቸውን የሚያረጋግጥ ሰርተፊኬት ይጠይቃል» አላቸው። ባለሙያውንም እሱ ራሱ አመጣ። ክፍያው 4,500 ብር። ወረቀቱ በሁለተኛው ቀን መጣ፤ ሐምራዊ ማኅተም፣ ፊርማ፣ የወርቅ ቀለም ጠርዝ። «በ1780 የተሠሩ ትክክለኛ ጠገራ ብሮች መሆናቸው ተረጋግጧል» ይላል። ከዚያ ደግሞ ለጉምሩክ ተብሎ ሌላ ክፍያ ተጠየቀ። እማማ እዚያ ላይ ነቁ።

ውሸቱ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ነበር። ብሩ ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በፈረንጆቹ 1780 ነው። ከዚያ ወዲህ ብሩ ሁልጊዜ ያው ዓመት እየተጻፈበት ነው ሲመታ የኖረው። ቪየና ተመትቷል፤ በፈረንጆቹ 1930ዎቹ ደግሞ ሮምም ለንደንም ተመትቷል። ሁሉም ላይ 1780 ተጽፏል። የትኛው የት እንደተመታ የሚለየው በቅርጹ ላይ ባሉ ጥቃቅን ልዩነቶች ነው፤ ያም አጉሊ መነጽር ይዞ የሚታይ ነው። 12ቱንም በአንድ ቀን «የ1780 ናቸው» ብሎ የፈረመ ሰው ወይ አያውቅም ወይ ይዋሻል።

ሌላም የሚጋጭ ነገር አለ። የቅርስ ባለሥልጣን ዕቃ ከሀገር እንዲወጣ ሲፈቅድ ዕቃው ጥበቃ የሚደረግለት ቅርስ አለመሆኑን አይቶ ነው። ዕድሜና ዋጋ የሚመሰክር ወረቀት አይደለም። እንግዲህ አንዱ ወረቀት «300 ዓመት ያስቆጠረ ብርቅዬ ቅርስ» እያለ በዚያው «ከሀገር መውጣት ይችላል» ካለ ሁለቱ አብረው አይሄዱም።

ደግሞ የተገላቢጦሹ አለ። «ባለሙያው» ዕቃችሁን አይቶ «ይሄ ቅጂ ነው» የሚል ወረቀት ይሰጣል፤ አብሮት የመጣው ገዢ «ግዴለም፣ በቁርጥራጭ ብር ዋጋ ልውሰደው» ይላል። ወይም «ለምርመራ ልውሰድና ነገ ልመልስ» ይልና ሲመልስ ሦስቱ ተለውጠዋል።

ለዚህ ወርቅ ቤት ያለ ሚዛን ይበቃል። አንድ ማርትሬዛ 28 ግራም ገደማ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ንጹሕ ብሩ 23 ግራም ከምናምን ይሆናል። 12ቱ አንድ ላይ ወደ 337 ግራም ይመዝናሉ። የተሻሸ ጥቂት ሊቀንስ ይችላል፤ 22 ወይም 24 ግራም የሚመዝን ግን ሌላ ነገር ነው። ማግኔት ከያዘውም ብር አይደለም። ለማንም ከማሳየታችሁ በፊት እያንዳንዱን መዝኑና ጻፉ፤ ሁለቱንም ፊት ፎቶ አንሱ። ዕቃው ከዓይናችሁ አይራቅ። ባለሙያ ካስፈለገ ደግሞ ገዢው ያመጣው ሳይሆን እናንተ የመረጣችሁት ይሁን።

ፈርቶ ዝም ማለት

አጭበርባሪዎች የሚተማመኑበት አንድ ነገር አለ። አሮጌ ዕቃ የሸጠ ሰው ፖሊስ ጋ መሄድ ይፈራል። «ራሴ እጠየቅ ይሆን?» ይላል። አንዳንዶቹማ በግልጽ «ብትከሰኝ ቅርስ ሸጠሃል እልሃለሁ» ብለው ያስፈራራሉ።

ፍርሃቱ ከመሬት አልተነሣም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ለንግድ መግዛትና መሸጥን ይከለክላል፤ ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣትንም ጭምር። የብራና መጽሐፍ፣ የቤተ ክርስቲያን መስቀል፣ የሥዕል ገበታ ከሆነ ገበያ ላይ አይወጣም፤ «ማንም እንዳይሰማ» የሚል ገዢ የሚመጣውም ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። የምትሸጡት የቤት ዕቃ ከሆነ ግን ፎቶውን ይዛችሁ አስቀድማችሁ የከተማውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ያን ያደረገ ሰው በኋላ የሚያስፈራራው የለም።

አጎቴ ለባንኩ የደወሉት ሰኞ ነው። የንግድ ባንክ ስልክ 951፣ የቴሌብር 127 ነው፤ መደወል የነበረባቸው ዓርብ ማታውኑ ነበር። ብሩ ተቀባዩ ዘንድ እያለ ከተነገረ ሊታገድ ይችላል። የእሳቸው ግን በደቂቃዎች ውስጥ ወጥቶ አልቋል። መልእክቶቹንም ተናደው አጥፍተዋቸው ነበር፤ ማስረጃው ያ ብቻ ነበር እኮ።

ባለፈው ወር አንድ ሰው ከባሕር ዳር መጣ። ሳሎኑ ውስጥ ተንበርክኮ ክዳኑን ከፈተ፤ በስልኩ መብራት ውስጡን አየ፤ ስፕሪንጉ ተበጥሷል አለ፤ ብል አለው አለ። ሁለት ሰዓት ተከራክሮ 19 ሺህ ብሎ ሄደ። አልተስማሙም። አጎቴ ግን በር ድረስ ሸኙትና ሲመለሱ እየሳቁ ነበር። «እሱ እንኳ ገዢ ነው» አሉ።