ከዋጋ ዝርዝር ላይ የሚቀነሰውና ቶሎ ለከፈለ የሚቀነሰው፦ ሁለቱ ቅናሾች በመዝገብ ላይ እንዴት ይሰፍራሉ?

በአንድ የጽሕፈት መሣሪያ ጅምላ መደብር የዓመቱን ሂሳብ ስንዘጋ «የሽያጭ ቅናሽ» የሚለው ሂሳብ ከጠቅላላው ሽያጭ 11 በመቶ ሆኖ አገኘነው። መደብሩ ቶሎ ለሚከፍሉ ደንበኞች የሚሰጠው ቅናሽ ግን 2 በመቶ ብቻ ነበር። ደንበኞቹ አንድ ሳይቀሩ በጊዜው ቢከፍሉ እንኳ ቁጥሩ ከ2 በመቶ ሊያልፍ አይችልም። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ስናገላብጥ ምክንያቱ ወጣ፤ የሂሳብ ሠራተኛው በብዛት ለሚገዙ ነጋዴዎች የሚደረገውን ቅናሽም እዚያው ሂሳብ ውስጥ ሲጽፈው ከርሟል።

ሁለቱ ቅናሾች ስማቸው ይመሳሰል እንጂ ሥራቸው የተለያየ ነው። የንግድ ቅናሽ ዋጋውን ራሱን የሚወስን ነው። በብዛት ለገዛ ወይም መልሶ ለሚሸጥ ነጋዴ ከዋጋ ዝርዝሩ ላይ ይቀነስለታል፤ ደረሰኙ ሲቆረጥ ነገሩ አልቋል። የጥሬ ገንዘብ ቅናሽ ግን ዋጋው ከተወሰነ በኋላ ገንዘቡ ቶሎ እንዲገባ የሚሰጥ ማባበያ ነው። ስሙ «ጥሬ ገንዘብ» ቢልም በቼክ ወይም በባንክ ዝውውር ለከፈለም ይሠራል፤ ወሳኙ ቀኑ ነው። ስለዚህ ደረሰኝ በእጃችሁ ሲገባ አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ ይህ ቅናሽ ያለቀለት ነው ወይስ ወደፊት ሊሆንም ላይሆንም የሚችል? ያለቀለት ከሆነ መዝገብ ላይ አይወጣም። ገና ከሆነ ሲፈጸም ይመዘገባል።

በቁጥር እንየው። አንድ ቸርቻሪ መስከረም 5 ቀን 100 ደርዘን ደብተር ገዛ እንበል። በዋጋ ዝርዝሩ ላይ አንዱ ደርዘን 400 ብር ነው፤ ጠቅላላው 40,000 ብር። በብዛት ስለገዛ 10 በመቶ ተቀነሰለት። ደረሰኙ ላይ ደግሞ 2/10, n/30 የሚል ተጽፏል፤ በ10 ቀን ውስጥ ከከፈለ 2 በመቶ ይቀነስለታል፣ ካልሆነ ሙሉውን በ30 ቀን ውስጥ ይከፍላል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሥራ፦ የንግድ ቅናሹን ቀንሶ መመዝገብ

ከ40,000 ብር ላይ 10 በመቶው፣ ማለትም 4,000 ብር፣ ይነሳል፤ የሚቀረው 36,000 ብር ነው። ደረሰኙ 40,000ንም 4,000ንም ሊያሳይ ይችላል፤ መዝገቡ የሚያውቀው ግን 36,000ን ብቻ ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስም የሚሰላው በዚሁ በ36,000 ብር ላይ ነው። ነገሩ እንዳይወሳሰብ ከዚህ በታች ባሉት ምዝገባዎች ታክሱን ትቼዋለሁ።

በሻጩ መዝገብ፦
ዴቢት፦ ተሰብሳቢ ሂሳብ 36,000
ክሬዲት፦ ሽያጭ 36,000

በገዢው መዝገብ፦
ዴቢት፦ የሸቀጥ ክምችት 36,000
ክሬዲት፦ ተከፋይ ሂሳብ 36,000

«የንግድ ቅናሽ» የሚባል ሂሳብ በሁለቱም ዘንድ የለም። 40,000 ብር የዋጋ ዝርዝር ላይ ያለ ቁጥር እንጂ ማንም ለማንም የተስማማበት ገንዘብ አይደለም።

ሁለተኛው ሥራ፦ ቀኑን መቁጠር

ቀን የሚቆጠረው ከደረሰኙ ማግስት ጀምሮ ስለሆነ የቅናሹ የመጨረሻ ቀን መስከረም 15 ነው። የ30 ቀኑ ገደብ ደግሞ ጥቅምት 5 ላይ ይውላል። ወሮቻችን እኩል 30 ቀን ስለሆኑ ቆጠራው ቀላል ነው፤ ነሐሴ ላይ ብቻ ጳጉሜን አትርሱ። ነሐሴ 10 የተቆረጠ ደረሰኝ ጳጉሜ 5 ቀን በሆነችበት ዓመት የሚያበቃው መስከረም 10 ሳይሆን መስከረም 5 ነው።

ሦስተኛው ሥራ፦ ክፍያው ሲመጣ የጥሬ ገንዘብ ቅናሹን መመዝገብ

ቸርቻሪው መስከረም 14 ከፈለ። 2 በመቶው የሚሰላው በ36,000 ላይ ነው፤ 720 ብር ይሆናል፤ የሚከፍለው 35,280 ብር ነው። 10ንና 2ን ደምሮ 12 በመቶ ከ40,000 ላይ መቀነስ የተለመደ ስህተት ነው። እንደዚያ ከተደረገ ሻጩ 80 ብር ያጣል።

በሻጩ መዝገብ፦
ዴቢት፦ ጥሬ ገንዘብ 35,280
ዴቢት፦ የሽያጭ ቅናሽ 720
ክሬዲት፦ ተሰብሳቢ ሂሳብ 36,000

ተሰብሳቢው በሙሉ 36,000 መዘጋት አለበት። 35,280 ብቻ ከተዘጋ ደንበኛው ያልተበደረውን 720 ብር እንደ ባለዕዳ ሆኖ ይቀመጣል። «የሽያጭ ቅናሽ» ወጪ አይደለም፤ በትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ ከሽያጩ ሥር ይቀነሳል።

በገዢው መዝገብ፦
ዴቢት፦ ተከፋይ ሂሳብ 36,000
ክሬዲት፦ ጥሬ ገንዘብ 35,280
ክሬዲት፦ የሸቀጥ ክምችት 720

ክምችቱን ዓመቱ ሲያልቅ ብቻ የሚቆጥር ነጋዴ ከሆነ 720ውን «የግዢ ቅናሽ» በሚል ሂሳብ ይይዘውና በመጨረሻ ከግዢው ላይ ይቀንሰዋል። በየትኛውም መንገድ ይህ ገንዘብ የዕቃውን ዋጋ የሚያወርድ ነው፤ «ልዩ ልዩ ገቢ» ተብሎ መጻፍ የለበትም።

ክፍያው መስከረም 15 ካለፈ ግን ምዝገባው ቀላል ነው። 36,000 ይከፈላል፣ 36,000 ይዘጋል፣ ቅናሽ የሚባል ነገር አይነሳም። ገዢው እንደዚያ ከማድረጉ በፊት ግን አንድ ስሌት ይሥራ። 20 ቀን ለመቆየት ሲል 720 ብር እየተወ ነው። 35,280 ብሩን በዓመት 18 በመቶ ወለድ ለ20 ቀን ቢበደር ወለዱ 348 ብር አካባቢ ነው፤ ተበድሮ መክፈሉ ከግማሽ በላይ ይቀንስለታል።

ዕቃ ሲመለስ

ብዙ መዝገብ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቸርቻሪው ከመክፈሉ በፊት 5 ደርዘን እርጥበት የነካው ደብተር መለሰ እንበል። ሠራተኛው የዋጋ ዝርዝሩን ከፍቶ 5 በ400 አባዝቶ 2,000 ብር ይቀንስለታል። ይህ ስህተት ነው፤ ደብተሩ የተሸጠው በ360 ብር ስለሆነ የሚመለሰው 1,800 ብር ነው። ሻጩ «የሽያጭ ተመላሽ» 1,800 ዴቢት፣ ተሰብሳቢውን 1,800 ክሬዲት ያደርጋል። ቀሪው ዕዳ 34,200 ብር ነው፤ የ2 በመቶው ቅናሽም የሚሰላው በዚህ ላይ ነው፣ በ36,000 አይደለም። ስለዚህ ቅናሹ 684 ብር፣ ክፍያው 33,516 ብር ይሆናል።

ዘግይቶ እየከፈለ ለሚቀንስ ደንበኛ

ደንበኛው መስከረም 19 መጥቶ 35,280 ብር ይከፍልና «ቅናሹን ቀንሻለሁ» ይላል። ገንዘብ ተቀባዩ ክርክር ላለመግባት 720ውን የሽያጭ ቅናሽ አድርጎ ይዘጋዋል። እንዲህ መደረግ የለበትም። ቀኑ አልፏልና የገባው 35,280 ብር ብቻ ከተሰብሳቢው ላይ ይቀነስ፤ 720 ብሩ በደንበኛው ስም ዕዳ ሆኖ ይቆይ። ባለቤቱ ለደንበኝነቱ ሲል ሊተውለት ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን በራሱ ፊርማ ወስኖ፣ ደብዳቤው ከደረሰኙ ጋር ተያይዞ ይመዝገብ።