ከመሐል ሜዳ ሲደወል

ውጭ አገር በገባችሁ በመጀመሪያዎቹ ወራት ስልክ ይበዛል። የቤት ኪራዩን ገና ሳትለምዱት ከአገር ቤት "ላክ" ይመጣል። "እሺ" ካላችሁ ዕዳ ውስጥ ትገባላችሁ። "የለኝም" ካላችሁ ቅያሜ ነው። እኔን ከሁለቱም ያወጣኝ የጥያቄ አጠያየቅ ነው።

አጎቴ መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ነው የሚኖሩት። በመጣሁ በሁለተኛው ወር ደወሉ። "ለልጁ የባጃጅ መግዣ ትልክልኛለህ" አሉኝ። አፌ ላይ የመጣው "ለምን ባጃጅ?" ነበር። ዋጥኩት። "ለምን" ሲባል ሰው እንደተከሰሰ ይሰማዋል፤ ራሱን ይከላከላል እንጂ ሆዱን አይነግርህም። "ቸግሯችኋል እንዴ?" ብላቸውም ያው ነው። "ተመስገን፣ ደህና ነን" ብለው ይዘጉታል።

ስለዚህ "ጋሼ፣ ባጃጁ ቢገዛ ለቤቱ ምን ይለወጥለታል?" አልኳቸው። ከዚያ ዝም። በስልክ ዝም ማለት ከባድ ነው፤ መስመሩ የተቋረጠ ይመስላል። "ሃሎ" ላለማለት ምላሴን ነከስኩ። ቆይተው "ልጁ እኮ ልቡ ሸፍቷል" አሉ። "ሸፍቷል?" ብዬ ቃላቸውን መለስኩላቸው። ያን ጊዜ ወጣ። ልጁ ከጓደኞቹ ጋር በጅቡቲ አድርጎ ሳዑዲ ለመግባት እየዶለተ ነው። ለካ የአጎቴ ጭንቀት ልጁን አገር ማስቀረት ነው፤ ባጃጁ ማባበያ ነው።

"እሱ ራሱ ምን ቢያገኝ እቀራለሁ ይላል?" አልኳቸው። ልጁን የጠየቀው ሰው አልነበረም። መንጃ ፈቃድም የለውም።

ገንዘቡ ላይ ስንደርስ "ጋሼ፣ ደመወዜ ከኪራይና ከምግብ አያልፍም። ይህን ያህል እንዴት አድርጌ ልላክ?" አልኩ። ይህ እምቢታ ነው፤ ግን ችግሩን አብረውኝ እንዲያዩት ይጋብዛል። ድምፃችሁ ለስለስ ይበል፤ ቆጣ ካላችሁ ምፀት ይሆናል። መፍትሔውን ያመጡት ራሳቸው ናቸው፦ "እንግዲያው መጀመሪያ መንጃ ፈቃዱን ያውጣ።" የሥልጠናውን ክፍያ ላክሁ። ልጁ ደብረ ብርሃን ወርዶ ተመዘገበ። ይቅር አይቅር ገና አልለየም።

ሰው ታሞ ሲደወልላችሁ ግን ይህን ሁሉ ተዉት፤ ያላችሁን ላኩ። በሌላውም ቢሆን ከሦስት አራት ጥያቄ በላይ ምርመራ ይሆናል፣ በተለይ ለታላቅ። "ዝም ብለህ ላክ" ከተባላችሁ አትግፉ። "እሑድ እደውላለሁ" በሉና እስከዚያ አክስታችሁን ጠይቁ። እኔ ያላወቅሁትን ግማሹን የነገሩኝ አክስቴ ናቸው።

አንድ ጊዜ ስቻለሁ። "ልጁ በግ ቢያደልብ ምን ይመስልዎታል?" አልኳቸው። ጥያቄ ይመስላል እንጂ የራሴ ምክር ነው። አጎቴም ገባቸው። "በጉን እንኳ እኛ እናውቀዋለን" ብለው ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ።